አፍ የሌለው ውሻ ምን ያስባል?

ግሮሚት አፍ የለውም። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የሚገኘው የአርድማን ስቱዲዮ ከፕላስቲሲን የሠራው ይህ ውሻ አይናገርም፣ አይስቅም፣ ጥርሱን አያሳይም። ሆኖም በ1993 የወጣውን «ዘ ሮንግ ትራውዘርስ» የተባለውን አጭር ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ውሻው መቼ እንደተጠራጠረ፣ መቼ እንደተከፋ፣ መቼ በጌታው ሞኝነት ተስፋ እንደቆረጠ ያለ ጥርጥር ይናገራል። ፊልሙ በአጭር አኒሜሽን ዘርፍ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የዚያ ሁሉ ትወና ሸክም ያረፈው ግን በሁለት ነጫጭ ዶቃዎችና ከበላያቸው በተደፋው የፕላስቲሲን ቅንድብ ላይ ነው።

የገጸ ባሕርዩ ፈጣሪ ኒክ ፓርክ የመጀመሪያውን የዋላስና ግሮሚት ፊልም ሲጀምር ውሻውን ሊያናግረው አስቦ ነበር። ሥራው ላይ ሲቀመጥ ግን ቅንድቡን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ብቻውን የፈለገውን ሁሉ እንደሚናገርለት ተረዳና ድምፁን ተወው። በአንጻሩ በ«ዘ ሮንግ ትራውዘርስ» ውስጥ ያለው ፔንግዊን ቅንድብ የለውም፤ ዓይኖቹም ሁለት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ናቸው። ተመልካች የሚፈራው ለዚህ ነው። ፔንግዊኑ የሆነ ነገር እያሴረ መሆኑ ይታወቃል፣ ምን እንደሚያስብ ግን ከፊቱ ማንበብ አይቻልም።

አኒሜሽን የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን «ትወና» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ተዋናይ ካሜራ ፊት ሲቆም ዓይኑ በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ማንም አያዝዘውም። በእጅ ወይም በኮምፒዩተር የተፈጠረ ፊት ግን አንድ ሰው ካላንቀሳቀሰው ለዘለዓለም እንዳፈጠጠ ይቀራል። ስለዚህ አኒሜተሩ እኛ ሳናውቀው የምናደርገውን ነገር አውቆ ማድረግ አለበት። ለዚያም መጀመሪያ ዓይን በእውነቱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ይኖርበታል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው።

ዓይን አይንሸራተትም፤ ይዘላል። አንባቢ ይህን አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ዓይንን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ፣ ሳይቆራረጥ ለማንሸራተት መሞከር ነው። አይሆንም፤ ዓይን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ በየመሐሉም እየቆመ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ጣትን ዘርግቶ በዝግታ እያንቀሳቀሱ ጣቱን መከተል ነው። ያኔ ዓይን ያለ ችግር ይንሸራተታል፤ የሚከተለው ተንቀሳቃሽ ነገር አግኝቷልና። ከዚህ ውጭ ነቅተን ባለንበት ጊዜ ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል፤ አነስተኛው ዝላይ ከሰከንድ ሃያኛ እጅ በታች ይፈጃል። አንጎል በዝላዩ ቅጽበት የሚመጣውን ምስል ስለሚያፍነው የራሳችንን ዝላይ አናየውም። መስታወት ፊት ቆሞ ከቀኝ ዓይን ወደ ግራ ዓይን እያፈራረቁ ቢያዩ ዓይን ሲንቀሳቀስ በፍጹም አይታይም፤ አጠገብ የቆመ ሰው ግን በግልጽ ያየዋል።

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። አንድ ትንሽ የዓይን ዝላይ እንግዲህ አንድ ፍሬም ገደማ የሚፈጅ ነው ማለት ነው፤ አኒሜተሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፍሬም ይሰጡታል፣ ሰፋ ላለው ደግሞ ሦስት። ኮምፒዩተሩ ይህን አያውቅም። አኒሜተሩ በ40ኛው ፍሬም ዓይኑን ወደ ግራ፣ በ60ኛው ወደ ቀኝ አድርጎ ከተወው፣ መሐል ያሉትን ፍሬሞች ሶፍትዌሩ በራሱ ሞልቶ ዓይኑን በሃያ ፍሬም ቀስ አድርጎ ያንሸራትተዋል። የሚያስከትለውም የሰከረ ወይም የደነዘዘ የሚመስል ፊት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ዓይኑ እስከ 58ኛው ፍሬም ባለበት እንዲቆይ ማሰርና በ60ኛው አዲሱ ቦታ ላይ ማሳረፍ። በግራፉ ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄድና እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ይህ የአካሄድ ጉዳይ ነው። ዓይኑ ለምን እንደዘለለ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ሩሲያዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ በ1960ዎቹ ባሳተመው ሥራው ሰዎች የኢሊያ ረፒንን አንድ ሥዕል ሲያዩ ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ መዝግቦ ነበር። ሥዕሉ ሳይጠበቅ ወደ ቤቱ የተመለሰን ሰው ያሳያል። ያርቡስ ለተመልካቹ «የሰዎቹን ዕድሜ ገምት» ሲለው ዓይኑ ከፊት ወደ ፊት ይዘል ነበር፤ «ቤተሰቡ ሀብታም ነው ወይስ ድሃ?» ሲለው ደግሞ ዓይኑ ወደ ዕቃውና ወደ ልብሱ ሄደ። ሥዕሉም ተመልካቹም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሐሳቡ ብቻ ነው። አኒሜተር ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ገጸ ባሕርይው የሚያየውን ነገር የሚመርጠው የሚያስበው ነገር ነው። እንዲሁ «ሕያው ይምሰል» ተብሎ የተጨመረ ዝላይ ተመልካቹን ግራ ያጋባል፤ ተመልካች ዓይን በሄደበት ሁሉ ምክንያት ይፈልጋልና።

ዓይንን ጨፈን ገለጥ ማድረግም እንዲሁ ነው። ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ይህም ዓይንን ለማርጠብ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ሲያነብ ወይም አንድ ነገር ላይ ሲያተኩር ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ሲያወራ ይጨምራል። የፊልም አርታኢው ዋልተር መርች በ1974 የወጣውን «ዘ ኮንቨርሴሽን» ሲያርትዕ አንድ ነገር አስተዋለ። ትዕይንቱን ሊቆርጥ በሚወስንበት ቅጽበት አካባቢ ዋናው ተዋናይ ጂን ሃክማን ደጋግሞ ዓይኑን ይጨፍናል። መርች ከዚህ ተነስቶ ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው አንድ ሐሳብ አልቆ ሌላው ሲጀምር ነው የሚል አሳብ በመጽሐፉ አቀረበ። በ2009 ደግሞ ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ታማሚ ናካኖና ባልደረቦቿ ሰዎች የሚስተር ቢንን ቪዲዮ እያዩ ዓይናቸውን መቼ እንደሚያርገበግቡ መዘገቡ። ተመልካቾቹ ሳይተዋወቁ በአንድ ላይ ይጨፍኑ ነበር፤ የሚጨፍኑትም አንድ ድርጊት ሲያበቃ ወይም ዋናው ሰው ከማያ ገጹ ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ ጥሩ አኒሜተር በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጨፈን ገለጥ አይበትንም። ሐሳብ የሚታጠፍበትን ቦታ ይፈልግና እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል።

አጨፋፈኑም የራሱ ቅርጽ አለው። የዓይን ቆብ ሲወርድ ፈጣን፣ ሲነሣ ቀርፋፋ ነው። የተለመደው ልክ ሁለት ፍሬም ለመዝጋት፣ አንድ ወይም ሁለት ተዘግቶ ለመቆየት፣ ሦስት ወይም አራት ለመከፈት ነው። መውረጃውና መነሻው እኩል ከሆነ ፊቱ የማሽን በር ይመስላል። የሚወርደው የላይኛው ቆብ ነው፤ የታችኛው ብዙም አይነሣም፣ ይልቁን ወደ አፍንጫ በኩል ትንሽ ሸርተት ይላል። ብሌኑም ከቆቡ ጋር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ይህቺን ዝቅታ ማንም ተመልካች ለይቶ አያያትም፤ ስትቀር ግን ቆቡ በደረቀ ኳስ ላይ እንደሚወርድ መጋረጃ ሆኖ ይታያል። ገጸ ባሕርይው ወደ ታች ሲያይ የላይኛው ቆብ አብሮ መውረድ፣ ወደ ላይ ሲያይ አብሮ መነሣት አለበት። ይህ ተረስቶ ከብሌኑ ዙሪያ በላይ በኩል ነጩ ከታየ፣ ሳይታሰብ የደነገጠ ፊት ይፈጠራል።

ቅንድብ ላይ ደግሞ የሚጠቅመን ቻርለስ ዳርዊን ነው። በ1872 ስለ ሰውና እንስሳት ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ግንባር የሚቋጠረው በቁጣ ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። ሰው ቅንድቡን የሚሰበስበው ሐሳቡ መሰናክል ሲገጥመው ነው፤ ሒሳብ አልወጣ ሲለው፣ የሰማው ነገር አልገባ ሲለው። መሰናክሉ ሲያልፍ ግንባሩ ይፈታል። ለአኒሜተር ይህ ወርቅ ነው፤ ገጸ ባሕርይው አንድ ነገር ለመረዳት ሲታገልና ሲገባው ያለ አንድ ቃል ማሳየት ይችላልና። የቅንድብ ውስጠኛ ጫፍ ብቻውን ወደ ላይ ሲነሣ ደግሞ ሐዘን ወይም ጭንቀት ይነበባል። ያንን የሚያደርጉትን ጡንቻዎች ዳርዊን የሐዘን ጡንቻዎች ብሏቸዋል፤ አብዛኛው ሰው በፈቃዱ ሊያንቀሳቅሳቸው አይችልም። በቁጥር የተለየው አሠራር በኋላ የመጣ ነው። በ1978 ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪዘን የፊት ጡንቻዎችን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ከፋፍለው ቁጥር ሰጧቸው፤ የውስጠኛው ቅንድብ መነሣት 1፣ የውጪው 2፣ መሰብሰብና መውረዱ 4 ሆነ። ዛሬ ለፊልም የሚሠሩ ብዙ የኮምፒዩተር ፊቶች መቆጣጠሪያቸው በዚህ አከፋፈል ላይ የተመሠረተ ነው።

ሦስቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት አንድ የአምስት ሰከንድ ትዕይንት እንውሰድ፤ 120 ፍሬም ማለት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። እናቷ በር ላይ ቆማ «እዚህ የነበረው ብር የት ገባ?» ትላታለች። ልጅቷ «እኔ አላየሁም» ትመልሳለች። ብሩ ከቀኝ እጇ በታች ወለሉ ላይ በተቀመጠው የደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ጀማሪ ይህን ሲሠራ ልጅቷን ቀና ያደርጋታል፣ ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቅሎ ይተወዋል፣ በ20ኛው፣ በ60ኛውና በ100ኛው ፍሬም ዓይኗን ያርገበግባል፣ ከዚያ አፏን ይከፍታል። ስህተት የለበትም የሚባል ሥራ ነው፤ ልጅቷ ግን ምንም አታስብም።

አሁን እንደገና እንሥራው። መጀመሪያ ዓይኗ ደብተሩ ላይ ነው፤ ቆቡ ዝቅ ብሏል፣ ብሌኗ መስመሩን ተከትሎ ጥቂት ጥቂት ይዘላል። እናቷ መናገር ስትጀምር ቀና አትልም። «ብር» የምትለው ቃል ስትደርስ፣ በ22ኛው ፍሬም ላይ፣ ዝላዩ ይቆማል። ጥያቄው ገና አላለቀም፤ ልጅቷ ግን የሚያስፈራትን ቃል ሰምታለች። በ26ኛው ዓይኗ ወደ እናቷ ይነሣል፤ ዝላዩ ሰፊ ስለሆነ ቆቧ በመሐል ግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ጭንቅላቷ ከአራት ፍሬም በኋላ ተከትሎ ቀና ይላል፣ ለዚያም አሥር ፍሬም ያህል ይፈጅበታል። ይህ ቅደም ተከተል በሁሉም ትዕይንት ይደጋገማል። ዓይን ይቀድማል፣ ራስ ይከተላል፣ ቃል መጨረሻ ይመጣል።

ከዚያ እናቷን ታያለች። ሰው የሰውን ፊት በቅርብ ሲያይ አንድ ነጥብ ላይ አያፈጥም፤ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ወደ አፍ ይዘላል። ሁለት ጥቃቅን ዝላዮች እዚህ ይገባሉ፤ አንዱ ከዘጠኝ ፍሬም በኋላ፣ ሌላው ከአምስት። እኩል አለመሆናቸው አስፈላጊ ነው። ልጅቷ እናቷ ምን ያህል እንደምታውቅ እያነበበች ነው።

በ58ኛው ፍሬም ዓይኗን ወደ ቦርሳው ወርወር ታደርጋለች። ጭንቅላቷ አይነቃነቅም፤ የስርቆት እይታ የሚያስመስለው ይህ ነው፣ ራሷ ዓይኗን ቢከተል ቦርሳውን ለእናቷ ያመለከተች ይመስላልና። ዓይኗ እዚያ የሚቆየው አምስት ወይም ስድስት ፍሬም ነው። ወደ ሁለት ከወረደ ተመልካቹ ያመልጠዋል፤ ወደ አሥራ ሁለት ካደገ እናቲቱ አለማየቷ አይታመንም። ይህን ልክ በሕግ የሚወስነው የለም፤ አኒሜተሩ እየጨመረና እየቀነሰ ደጋግሞ ያያል። ዓይኗ ሲመለስ የቅንድቧ ውስጠኛ ጫፍ ቀስ ብሎ፣ በስምንት ፍሬም ያህል፣ ይነሣል። ዓይን በሁለት ፍሬም ሲዘል ቅንድብ የሚዘገየው የግንባርን ቆዳ ይዞ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ፍርሃቷ የሚታየው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

በ76ኛው ትጨፍናለች። ይህኛው ከተለመደው ይረዝማል፤ ሦስት ለመውረድ፣ ሁለት ተዘግቶ፣ አምስት ለመነሣት። የትዕይንቱ ልብ እዚህ ነው። ቆቡ ሲወርድ የፈራች ልጅ ነበረች፤ ሲነሣ ውሸቷን የመረጠች ልጅ ናት። የቅንድቡ ለውጥም የሚካሄደው ከዚያ ጭፍን ጋር አብሮ ነው። ውስጠኛው ጫፍ ይወርዳል፣ ውጪው ይነሣል፣ ፊቷ «ምን ብር?» የሚል የዋህ ፊት ይሆናል። ይህ ጨፈን ገለጥ ቢወጣ ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሆነው ይቀራሉ። በ88ኛው አፏ ይከፈታል። እየተናገረች ዓይኗ አንዴም አይዘልም፤ ልክ ከመጠን በላይ ጸጥ ይላል። ዓይን መስበር የውሸት ምልክት ነው የሚለው እምነት በሰፊው ቢነገርም ጥናቶች አይደግፉትም፤ ውሸታም አውቆ ትኩር ብሎ ሊያይ ይችላል። ተናግራ ስትጨርስ አንዲት ፈጣን ጨፈን ገለጥ ትከተላለች፤ ትዕይንቱም ያልቃል።

ሥራው መሳካቱን የሚያሳዩ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው። ሁለተኛው የማያ ገጹን የታችኛውን ክፍል በወረቀት ሸፍኖ አፉን መደበቅ ነው። ልጅቷ ምን እንዳሰበች ያኔም የሚገባ ከሆነ ዓይኗ ሠርቷል። የማይገባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ሐሳብ የሌላቸውን ዝላዮች አውጥቶ የቀሩት እንዲታዩ ቦታ መስጠት።

ውድ ቴክኖሎጂ ይህን ችግር በራሱ እንደማይፈታ የታየው በ2004 በወጣው «ዘ ፖላር ኤክስፕረስ» ላይ ነው። የሮበርት ዘሜኪስ ፊልም የቶም ሃንክስንና የሌሎችን ተዋንያን እንቅስቃሴ በፊታቸውና በገላቸው ላይ በተለጠፉ ምልክቶች ቀርጾ ወደ ኮምፒዩተር ገጸ ባሕርያት አዛወረ። ዓይን ኳስ ላይ ግን ምልክት አይለጠፍም። የዓይኑ እንቅስቃሴ ከተዋናዩ ሳይመጣ በኋላ የተሠራ ስለነበር፣ ብዙ ተቺዎች የገጸ ባሕርያቱ ዓይን ሕይወት የለውም አሉ። ያው ዳይሬክተር ከሦስት ዓመት በኋላ «ቤዎልፍ»ን ሲሠራ በተዋንያኑ ዓይን ዙሪያ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈው የዓይናቸው እንቅስቃሴ በኤሌክትሪክ ምልክት እንዲመዘገብ ተደረገ።

ከላይ የሠራነው ትዕይንት ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ልጅቷ የት አገር ናት? በኢትዮጵያ ያደገ ሰው ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ይላል። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር አኒሜተር ያንኑ የቅንድብ መነሣት መደነቅ ብሎ ያነበዋል፤ ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ሲሠራም ከነአካቴው ይተወዋል። በሌላ በኩል እኛ ውስጥ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ ማድረጉ ጨዋነት ነው። እናቷ ፊት ቆማ ትኩር ብላ የምትመልስ ልጅ፣ ውሸቷ ሳይሆን ድፍረቷ ነው አስቀድሞ የሚታየው።

እንግዲህ ትዕይንቱ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ውስጥ ከሆነ ከ26ኛው ፍሬም ጀምሮ መለወጥ አለበት። ልጅቷ ቀና ትልና ዓይኗን ከእናቷ ፊት ወደ ነጠላዋ ጠርዝ ዝቅ ታደርጋለች፤ ቆቧም አብሮ ይወርዳል። ችግሩ አሁን ስርቆቷን ማሳየት ላይ ነው፤ ዓይኗ ቀድሞውኑ ወደ ታች ስለሆነ ወደ ቦርሳው የሚያደርገው ዝላይ አጭር ሆኗል፣ ቆቡም ግማሹን ብሌን ሸፍኖታል። አኒሜተሩ ካሜራውን ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ቦርሳውን ከቀኝ እጇ በታች አንሥቶ ከወንበሩ ጎን ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ያኔ ዝላዩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሆንና ነጩ የዓይን ክፍል በአንድ በኩል ሰፍቶ ይታያል። በቅንድቧም ላይ የውጪው ጫፍ መነሣት ይቅርባት፤ እዚህ ቤት «ምን ብር?» ከሚለው ይልቅ «አዎ» የሚል ሊመስል ይችላል። ውስጠኛው ጫፍ ብቻ ወርዶ ግንባሯ ለስለስ ይበል፤ የውሸቷ ውሳኔ በዚያ በረዘመው ጭፍን ውስጥ ይለፍ።